ውሻ በዓመት ስንት ይበላል?

ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው የሚመጣው። የጎረቤት ውሻ ስድስት ትወልዳለች፣ አንዱን «ለግቢያችሁ ይሆናችኋል» ብለው ያመጡላችኋል። ልጆች ስም ያወጡለታል፣ ማታ ከራት የተረፈው ይደፋለታል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር ደግሞ ወጪ ያለው አይመስልም። ወጪው ራሱን የሚያሳየው ባልታሰበ ቀን ነው፤ ቡችላው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ሲወድቅ፣ ወይም ያደገው ውሻ የሰው ልጅ ነክሶ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ። በዚያ ሳምንት ከቤቱ የሚወጣው ገንዘብ ለበርካታ ዓመታት ክትባት ይበቃ ነበር።

የውሻን ዓመታዊ ወጪ አስቀድሞ መሥራት ከባድ አይደለም። ነገር ግን ሂሳቡ ከብር መጀመር የለበትም፤ ከኪሎና ከክትባት ብዛት ነው መነሳት ያለበት። ምክንያቱም ክትባቱም፣ የትል ክኒኑም፣ በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ የውሻ ምግብም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የእነዚህ ዋጋ ከዶላሩ ጋር መሮጥ ጀምሯል፤ አምና የተሠራ የብር ሂሳብ ዘንድሮ አይሠራም። ውሻው የሚበላው መጠን ግን አምናም ዘንድሮም ያው ነው። መጠኑን ያወቀ ሰው ዋጋውን በየጊዜው መተካት ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ አንድ ውሻ ይዘን እንቁጠር። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ የሚጠብቅ፣ የአገር ውስጥ ዝርያ የተቀላቀለበት፣ የአራት ዓመት ወንድ፣ ክብደቱ 25 ኪሎ። ስሙን ቦቢ እንበለው፤ የግቢ ውሻ ግማሹ ቦቢ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

የክብደቱ ነገር የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ምግቡም፣ የትል ክኒኑም፣ የማደንዘዣው መርፌም የሚለካው በእሱ ነው። የቤት ሚዛን ካለ መንገዱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሰውየው ብቻውን ይመዘናል፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፎ፤ ልዩነቱ የውሻው ነው። በዓይን የሚገመት ክብደት ብዙ ይስታል፣ በተለይ ጸጉሩ የበዛ ውሻ ላይ።

25 ኪሎ የሚመዝን፣ ብዙም የማይሮጥ ጎልማሳ ውሻ በቀን ከ1,200 እስከ 1,300 ካሎሪ ይበቃዋል። ይህን በደረቅ የከረጢት ምግብ ብንተረጉመው በቀን ወደ 360 ግራም፣ በዓመት ወደ 130 ኪሎ ይሆናል። በቤት ከተቀቀለ ደግሞ በቀን ሩብ ኪሎ ያህል ጥሬ ሩዝ፣ የበቆሎ ቅንጬ ወይም መኮሮኒ፣ 300 ግራም ያህል ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ፣ ጨጓራና ቅንጥብጣቢ፣ እና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በጣት ይቆጠራል፣ ከሩቅ ስታዩት ግን አይታይም። ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ጨምሩ፤ ተጭናችሁም የማታገኙት ከሆነ ቀንሱ። አብዛኛው በሰንሰለት የሚውል ውሻ ከተጻፈው ያነሰ ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ «እኛ ቤት ትራፊ ነው የሚበላው፣ ምን ወጪ አለው?» የሚል አይጠፋም። ትራፊ ነፃ የሚመስለው ሌላው መዘዝ እስኪመጣ ነው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቁላልቶም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ቦቢን ለሚያክል ውሻ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ሊበቃ ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየበላ ሲጠራቀምም እንደዚያው ነው። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ያኔ የበላውን ረስቶታል። ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ ምግብ አይደለም። ደረቁ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቅቅል ድንች ግን ምንም አይሉም፤ ከላይ ካስቀመጥነው እህል ላይ ተቀንሰው ሊሰጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው መዘዝ ከሳንባው ይመጣል። ሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው የበሬና የበግ ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፤ ችግሩ ጥሬውን መስጠት ላይ ነው። በከብቱ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ፣ ነጭ ድርብ ሽፋን ያለው እብጠት ሊኖር ይችላል። እብጠቱ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻውን አይከሰውም፣ አያስለውም፣ ምንም አያሳይም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ያው እብጠት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ዓመታት እየፈጀ ያድጋል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። መከላከያው ሁለት ነው፦ ሳንባውን በትንንሹ ቆርጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቀቀል፣ እና በየሦስት ወሩ የኮሶ ትልን የሚገድል ክኒን መስጠት። ሲገዙ «የኮሶውንም ይይዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለወስፋት ብቻ የሚሆኑ ክኒኖች አሉና። ብዙዎቹ የውሻ ክኒኖች ለ10 ኪሎ አንድ ናቸው፤ ለቦቢ ሁለት ተኩል፣ በዓመት አራት ጊዜ፣ አሥር ክኒን ማለት ነው።

የምግብ ሂሳቡን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ደግሞ ፈጽሞ የእኛው ነው፦ ጾም። የሁዳዴ 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ከቤትም የፍስክ ትራፊ አይወጣም። ቦቢ አይጾምም። ዓመቱን ሙሉ በቅንጥብጣቢ የኖረ ውሻ በእነዚህ ሳምንታት ባዶ እንጀራ ብቻ እየበላ የሚከሳባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው፤ ባለቤቶቹም ታሟል ብለው ሐኪም ይጠራሉ። በሰፈሩ የሙስሊም ሥጋ ቤት ካለ ጣጣ የለም። ከሌለ ለወቅቱ ለብቻው መያዝ ያለበት በጀት አለ። አንዱ መንገድ ሩብ ኪሎ እህል ላይ በቀን ሦስት የተቀቀለ እንቁላል መጨመር ነው፤ ለ55 ቀን 165 እንቁላል። ሌላው ደረቅ ምግብ ነው፦ 360 ግራም በ55 ቀን ወደ 20 ኪሎ ስለሚሆን አንድ ባለ 20 ኪሎ ከረጢት ሁዳዴን ያሻግራል። ይህ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ድካሙ ግን የለም። ወደ ደረቅ ምግብ የሚሻገር ሰው አንድ ሳምንት ያህል ከቀድሞው ጋር እየቀላቀለ ይጀምር፤ በአንድ ቀን የተቀየረ ምግብ ውሻን ያስቀምጠዋል።

የፋሲካ ማግስት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ሁለት ወር ገደማ ስብ ያልቀመሰ ውሻ ድንገት የዶሮ አጥንት፣ የበግ ጮማና የወጥ ድስት ጥራጊ ይደፋለታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጉሮሮ ላይ ይሰካል ወይም አንጀት ይዘጋል። የበዛ ስብ ደግሞ ቆሽትን ያስቆጣል። ከበዓል በኋላ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ሆዱ ሲነካ የሚያለቅስ፣ ዓይነ ምድር ያቃተው ውሻ ካያችሁ እስከ ነገ አታቆዩት። ከበግ አርዱ ለቦቢ የሚሆነው አጥንቱ ሳይሆን የተቀቀለው ሳንባ ነው።

አሁን ወደ ክትባት እንምጣ። በዓመት ዝርዝሩ ውስጥ ክትባት ከምግቡ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው፤ ሰው መጀመሪያ የሚዘለውም እሱን ነው።

ለጎልማሳው ቦቢ ጉዳዩ አጭር ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ እና በአንድ መርፌ ተጠቃልሎ የሚሰጠው የፓርቮ፣ የዲስቴምፐር፣ የጉበት ቫይረስና የሌሎች ክትባት። የእብድ ውሻው እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ የሚወስነው የብልቃጡ ጽሑፍ ነው፣ እኛ አገር በየዓመቱ ማድረግ የተለመደ ነው። በጥምሩ ውስጥ ካሉት የፓርቮና የዲስቴምፐሩ ጥበቃ ሦስት ዓመት ይዘልቃል፤ ከአይጥ ሽንት የሚመጣው የሌፕቶስፓይራ ግን በዓመት ያልቃል። ስለዚህ «ዘንድሮ የትኛው ነው የሚደገመው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ገንዘብም ይቆጥባል።

የቡችላው ነገር ይለያል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚያ ነው። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ጋር የመከላከል አቅም ይወርሳል። ይህ ውርስ ቡችላውን ሲጠብቅ ክትባቱንም አብሮ ያከሽፈዋል። ውርሱ የሚያልቅበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ በስምንት ሳምንት፣ ሌላው በአሥራ አራት። ስለዚህ ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይሰጣል። ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ይሆናል። የእብድ ውሻው ደግሞ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ይሰጣል። ሁሉም ከዓመት በኋላ ይደገማል። አንዱን መርፌ አስወግተው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው «የተከተበ ቡችላ ሞተብኝ፣ ክትባቱ ውሸት ነው» የሚሉት። ክትባቱ ውሸት አልነበረም፤ የእናቱ ውርስ ገና ሳያልቅ ተሰጥቶ ከሽፏል፣ ከዚያ ሲያልቅ ደግሞ ቡችላው ባዶውን ቀርቷል።

ክትባት የሚከሽፍበት ሌላም መንገድ አለ። ከፋብሪካ እስከ መርፌው ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ቤት ለቤት የሚመጣ ሐኪም በበረዶ ሳጥን ይዞት ካልመጣ፣ ከኪሱ ወይም ከመኪናው መሳቢያ ካወጣው፣ የተከፈለው ብር ለውሃ ነው። ከተወጋ በኋላ የብልቃጡ ወረቀት ተልጦ የክትባት ደብተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። ሻጭ «ተከትቧል» ያለው ነገር ግን ደብተሩ ላይ ወረቀት የሌለበት ቡችላ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው፤ ከመጀመሪያው ይጀመርለት። ወጪ ለማቃለል የሚበጀው ደግሞ ጎረቤት ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ለብዙ ውሻ በሚበቃ ብልቃጥ ስለሚመጣ፣ አራት አምስት ግቢ ተስማምቶ ሐኪሙን በአንድ ቅዳሜ ቢጠራው የመምጫ ክፍያው ይከፋፈላል።

ክትባቱ ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማየት ፓርቮን እንውሰድ። የሦስት ወር ቡችላ ጠዋት ምግቡን ይተዋል። ከሰዓት ያስመልሰዋል። በማግስቱ ሽታው ከሩቅ የሚለይ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። የሚገድለው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የውሃ መሟጠጡና ከተላላጠው አንጀት ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ቫይረሱን የሚገድል አንድ መርፌ አይደለም፤ ቀን ከሌሊት የሚንጠባጠብ ግሉኮስ፣ ማስመለስ የሚያቆም መርፌና አንቲባዮቲክ ነው፣ እስከ አምስት ወይም ሰባት ቀን። ያልታከሙት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ በቶሎ ግሉኮስ የተሰካላቸው አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመጀመሪያው ቀን ነው። በቀን 1,500 ብር ቢፈጅ አምስቱ ቀን 7,500 ነው፤ መርፌው 1,000 ብር ቢሆን ሦስቱ ክትባት 3,000 ብር ነበር። ሂሳቡ በዚህም አያበቃም። ቫይረሱ ግቢው አፈር ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶውን፣ ሳህኑንና ማደሪያውን በሳሙና አጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ አሥር ደቂቃ ማቆየት ይገድለዋል፤ አፈሩን ግን በረኪና አያነጻውም። ቡችላ የሞተበት ሰው ልጆቹ እንዳያለቅሱ ብሎ በሳምንቱ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ሲያመጣ ሁለተኛውን ቀብር እየገዛ ነው።

ለጎልማሳ ውሻ ያልታሰበ ወጪ የሚመጣው ባብዛኛው ከአጥር ውጭ ነው። ሌሊት በሩ የሚከፈትለት ያልተኮላሸ ወንድ ይጣላል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ወይም በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት ዕጢ ይይዘዋል። የዚህ ዕጢ ምልክት ከብልቱ ጫፍ ቀናት የማይቆም የደም ጠብታ ነው፤ ሰው ቁስል ይመስለዋል። ሕክምናው ጥሩ ነው፣ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ነገር ግን በሳምንት አንዴ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት መርፌ ነው። ሴቷ ላይ የሚያስፈራው የማህፀን መግል ነው። ሳትመክን ብዙ ዙር ያለፈባት ውሻ ከሙቀቷ አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣት ትጀምራለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ አንዳንዴ መግል ይፈሳታል። ያኔ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ማህፀኗን ለማውጣት ነው፤ ጤነኛ ሳለች ሊደረግላት ይችል የነበረው ያው ቀዶ ሕክምና፣ አሁን ግን በታመመ ሰውነት ላይ፣ በሌሊት፣ በእጥፍ ዋጋ። ስለዚህ ማኮላሸት ወይም ማምከን በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ የሚገባ፣ አንዴ ብቻ የሚከፈል ወጪ ነው።

መዥገርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። መዥገር ከሚያመጣቸው የደም በሽታዎች አንዱ ውሻውን ቀስ እያለ ያደክመዋል፤ ትኩሳት፣ የነጣ ድድ፣ አንዳንዴ ነስር። በጊዜ ከተያዘ የአንድ ወር ርካሽ ክኒን ነው፤ ከቆየ መቅኔውን ያደርቃል። የጆሮውን ውስጥና የጣቶቹን መሐል በየሳምንቱ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

በእኛ አገር ይህን ሁሉ ቤተሰቡ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ለውሻቸው ወርሃዊ አረቦን ከፍለው ኢንሹራንስ ይገባሉ። እዚህ ያ የሚተካው በራስ ተቀማጭ ነው፣ ጥያቄውም «ስንት ይበቃል?» የሚለው ነው። በመቶኛ የሚያሰሉ አሉ፤ እኔ ግን ስልክ መደወል ይሻላል ባይ ነኝ። ውሻው ጤነኛ ሳለ የሰፈሩን የእንስሳት ሐኪም ደውላችሁ እንዲህ በሉት፦

«ዶክተር፣ ውሻችን 25 ኪሎ ነው፣ ደህና ነው። ለማወቅ ያህል ነው፤ ለአምስት ቀን ግሉኮስ ቢያስፈልገው ስንት ይፈጃል? ሆዱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትስ? ሌሊት ብደውልልዎት ይመጣሉ?»

ከሁለቱ ዋጋዎች የሚበልጠው የተቀማጫችሁ ልክ ነው። የሦስተኛው መልስ «አልመጣም» ከሆነ ሌሊት የሚመጣ ሌላ ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ፈልጉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ላሉ ደግሞ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ሆስፒታል እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል።

እንግዲህ የቦቢን ዓመት እንደምረው። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ተኩባቸው። ከሁዳዴ ውጭ ባሉት 310 ቀናት 78 ኪሎ ያህል እህልና 93 ኪሎ ቅንጥብጣቢ ይሄዳል። እህሉ በኪሎ 100፣ ቅንጥብጣቢው 120 ብር ቢሆን ወደ 19,000 ብር ነው። ሁዳዴ በ14 ኪሎ እህልና በ165 እንቁላል፣ እንቁላሉ 20 ብር ቢሆን፣ 4,700 ይሆናል። ዘይቱንና ማብሰያውን ጨምረን ምግቡን 25,000 እንበለው። ሁለቱ ክትባቶች ከሐኪሙ መምጫ ጋር 3,000፣ አሥሩ የትል ክኒን 1,000፣ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት 2,000፣ ሰንሰለትና ሳሙና 1,000። ድምሩ 32,000፣ በወር ወደ 2,700 ብር። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና 15,000 ብሎ ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ለመሙላት በወር 1,250 ይጨመራል፤ ጠቅላላው በወር 4,000 ብር ገደማ ነው። ክትባቱ ከ32,000ው ውስጥ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ይህ ቁጥር ከአቅም በላይ ከሆነ ሊቀነስ የሚችለው ነገር ውሻው ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው፦ መጠኑና ብዛቱ። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የቦቢን ግማሽ ነው የሚበላው፤ 35 ኪሎ የሚሆነው ጀርመን ሼፐርድ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ሌባ የሚያስደነግጠው መጮሁ እንጂ ኪሎው ስላልሆነ፣ ለብዙ ግቢ ትንሹ ይበቃል። ከመጣ በኋላ ደግሞ በሰው መድኃኒት ለመቆጠብ መሞከር ትልቁ ኪሳራ ነው። ለሚያነክስ ውሻ የተሰጠ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ የእግሩ ወለምታ በራሱ ይድን ነበር።

አንድ ወጪ ቀርቷል፣ እሱም የውሻው ሳይሆን የሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ውሻው በአጋጣሚ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ የማይገመት ቢሆንም። ቦቢ የጎረቤት ልጅ ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ልጁ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሄዳል፣ ቦቢ ደግሞ ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል። በነከሰበት ጊዜ ምራቁ በሽታውን ያስተላልፍ የነበረ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት ስለሌለው፣ የልጁ ክትባት የአሥሩን ቀን ውጤት አይጠብቅም። የልጁ ሕክምና፣ ትራንስፖርቱ፣ የወላጁ ከሥራ መቅረት፣ ይህ ሁሉ በባለቤቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ደብተሩ ላይ የተለጠፈው የክትባት ወረቀት ሐኪሙ ፊትም፣ ጎረቤቱ ፊትም የሚቀርበው ያኔ ነው።

ተቀማጩ ለዚህም ያገለግላል፤ ስለዚህ ከቤት አስቤዛ ገንዘብ ጋር ባይቀላቀል ይመረጣል። የተነካ እንደሆነ በሚቀጥሉት ወራት ይሞላል፤ ሳይነካ ዓመቱ ካለፈ ያው ይቀመጣል፣ ወርሃዊው 1,250 ብቻ ይቆማል። ውሻው ስምንት ዓመት ሲያልፈው ግን ጥርሱ፣ ኩላሊቱና ዕጢው ስለሚመጡ መዋጮውን እንደገና መጀመር ይገባል። ዋጋዎቹን ማደሱ ደግሞ ለጳጉሜን ይመቻል፦ ሥጋ ቤቱን የሳንባ ዋጋ መጠየቅ፣ ለሐኪሙ ያንኑ ስልክ መደወል፣ ቦቢን ታቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት።